ጣሪያው እያንጠባጠበ አከራያችሁ ዝም ካሉ፦ የጥገና አቤቱታ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

የጥምቀት ማግስት ነበር፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.። ለሚካኤል እንግዳ ጠርተናል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ባለቤቴ ቀሰቀሰችኝ። ከመታጠቢያ ቤቱ ጎን ካለው ጣሪያ ውሃ ይወርዳል። ቁም ሣጥኑ ሥር ኩሬ ሠርቷል። ይሄ ሦስተኛው ጊዜ ነበር። ለአከራያችን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ደውዬ፣ አንድ ጊዜ በቴሌግራም ፎቶ ልኬ ነበር። መልሳቸው አንድ ነው፦ «እሺ፣ ሰው እልካለሁ።» የመጣ ሰው ግን የለም።

ከወር በኋላ ነገሩን የፈታው አንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ነው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በኪራይ ነው። ደብዳቤውን እንዴት እንዳዘጋጀሁት፣ የት ቦታ ልሳሳት እንደነበረ፣ ሙሉ ቃሉንም ጭምር እዚህ አስቀምጣለሁ። ስልክና ቀጠሮ ለሰለቻችሁ ነው የምጽፈው።

ከመጻፋችሁ በፊት፦ ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?

አብዛኛው ሰው «ቤቱ ያፈሳል» ብሎ ይጽፋል። አከራዩ ይህን ሲያነቡ የሚመጣላቸው መልስ ቀላል ነው፦ «ቧንቧ ክፍት ትታችሁ ነው»፣ ወይም «ከላይ ያሉትን ጠይቋቸው።» ይህን በር የሚዘጋው ውሃው የሚመጣበትን ሰዓትና ሁኔታ መዝግቦ መያዝ ነው።

መጀመሪያ የራሳችሁን ቧንቧ ነፃ አድርጉ። መስመር ላይ ውሃ ባለበት ሰዓት ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉ፣ ሽንት ቤቱን አትልቀቁ፣ ታንከር ካላችሁ ወደ እሱ የሚገባውንም ዝጉ። ከዚያ የውሃ ቆጣሪውን ፎቶ አንሡና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድጋሚ አንሡ። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የእናንተ መስመር አያፈስም ማለት ነው። ሁለቱን ፎቶ አስቀምጡ። ይህን ያደረግኩት አራተኛው ጊዜ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ባደርገው ኖሮ ሦስት ወር አልከራከርም ነበር።

ቀጥሎ ፈረቃውን ተመልከቱ። የእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው ሰኞና ሐሙስ ሌሊት ነው። ያፈሰሰባቸውን ቀናት ስጽፋቸው ኅዳር 9 ሰኞ፣ ታኅሣሥ 3 ሐሙስ፣ ጥር 12 ሰኞ፣ የካቲት 6 ሐሙስ ሆኑ። አራቱም የውሃ ቀን ናቸው። ውሃው መስመር ላይ ሲመጣ ማንጠባጠብ ይጀምራል፣ ሲሄድ በራሱ ይቆማል። እንዲህ ከሆነ የሚጠረጠረው ግፊት ያለበት የንጹሕ ውሃ ቧንቧ ነው። ከላይ ያሉ ሰዎች በታጠቡ ቁጥር ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ፍሳሽ መስመሩ ወይም ወደ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ይሄዳል። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጣሪያው ወይም ግድግዳው ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። በፈረቃ ሰፈር ሰው ቧንቧ ከፍቶ ይተኛል፣ በርሜሉ ሲሞላ ውሃው ወለል ላይ ይፈሳል፣ ታች ቤት ይወርዳል። እሱም የውሃ ቀን ነው የሚሆነው። እንዴት ይለያል? የሞላ በርሜል ውሃ ባንዴ ብዙ ሆኖ ይወርድና ቧንቧው ሲዘጋ ይቆማል። የተበላሸ መገጣጠሚያ ግን ሌሊቱን ሙሉ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይንጠባጠባል። እኔ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አፉን ቆርጬ ከሥሩ አስቀመጥኩ። በሦስት ሰዓት ገደማ ሞላ። ቀየርኩት፣ ሁለተኛውም በዚያው ልክ ሞላ። ይህቺ የሃይላንድ ልኬት በኋላ ደብዳቤው ውስጥ ገባች፤ የመጣው የቧንቧ ሠራተኛም መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እሷ ነው።

ውሃው ወደ አምፖል ወይም ወደ ሶኬት የሚጠጋ ከሆነ ግን ልኬቱን ተዉት። የዚያን መስመር ብሬከር አውርዱ፣ ፎቶ አንሡ፣ ለአከራዩም ያኔውኑ ደውሉ። ይሄ አሥራ አምስት ቀን የሚጠበቅለት ጉዳይ አይደለም።

የጠየቃችሁበትን ሁሉ ሰብስቡ

ደብዳቤው ጉልበት የሚያገኘው «ደጋግሜ ነግሬዎታለሁ» ከሚለው ቃል ሳይሆን ከቀኖቹ ነው። ስልካችሁን ክፈቱና የጥሪ ታሪኩን እዩ። የቆየ ጥሪ ከዝርዝሩ ሊጠፋ ስለሚችል ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጉት። በቴሌግራም የላካችሁት ፎቶ ካለ መልእክቱን፣ ቀኑንና መታየቱን የሚያሳየውን ምልክት አንድ ላይ አንሡ። ቴሌግራም ላይ መልእክቱን ከሁለታችሁም ስልክ ላይ ማጥፋት እንደሚቻል አትርሱ። አከራያችሁ ያጠፋሉ ማለቴ አይደለም፤ ብቻ ማስረጃችሁ በሌላ ሰው ጣት ሥር አይሁን።

በቃል የተነገረው ደግሞ አለ። «ገበያ ላይ አግኝቻቸው ነገርኳቸው» የሚባለው። እሱን ወደ ጽሑፍ ለመቀየር ያለው መንገድ ቀላል ነው፤ የዚያኑ ቀን አጭር መልእክት መላክ፦ «ዛሬ በአካል እንደነገርኩዎት ጣሪያው አሁንም ያፈሳል። ቅዳሜ ሰው እልካለሁ ስላሉኝ እጠብቃለሁ።» ባይመልሱም መልእክቱ ተመዝግቧል።

ደብዳቤው ለማን ነው?

ለአከራዩ ነው። ላይ ቤት ለሚኖሩት አይደለም። እነሱን በሰላም አነጋግሯቸው፣ ውሃ እንዲዘጉላችሁ ጠይቁ፣ ጉርብትናውንም ጠብቁ። ውል ያላችሁ ግን ከአከራዩ ጋር ነው፣ ኪራይ የምትከፍሉትም ለእሳቸው ነው። ከላይኛው ቤት ባለቤት ጋር መነጋገር የእሳቸው ሥራ ነው። የሚያፈሰው የሕንፃው የጋራ መስመር ከሆነም የጋራ ሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር አባል እሳቸው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ስለዚህ «የላይ ቤት ነው» የሚለው መልስ ጉዳዩን ከአከራዩ ትከሻ አያወርደውም። ለመፍትሔው ማንን ማነጋገር እንዳለባቸው ነው የሚነግራቸው።

አከራዩ ውጭ አገር ካሉና ቤቱን የሚያስተዳድር ወኪል ካለ ለሁለቱም ጻፉ። ወኪሉ ብዙ ጊዜ ኪራይ ለመቀበል እንጂ ወጪ ለማውጣት ሥልጣን የለውም፣ እሱም አያስተላልፍላችሁም።

አንድ ነገር በሐቅ መለየት ያስፈልጋል። የረገበ የቧንቧ ጎማ ወይም የተደፈነ ሲፎን ከሆነ እሱ ዕለታዊ ጥገና ነው፣ ብዙ ውል ላይም የተከራይ ተደርጎ ይጻፋል። ውላችሁን አንብቡ። ግድግዳ ወይም ወለል ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ፣ ከሌላ ቤት የሚመጣ ውሃ፣ የጣሪያ ማፍሰስ ግን ቤቱን ለመኖሪያ በሚመች ሁኔታ የማቆየት ጉዳይ ነው፤ እሱ የአከራዩ ድርሻ ነው።

ሕጉን ምን ያህል እንጥቀስ?

ጥቂት። እኔ የጠቀስኩት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት፣ አንድ ሰው ሌላኛው ወገን ውሉን አልፈጸመልኝም ብሎ ከመክሰሱ በፊት ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ቀጥለው ያሉት ቁጥሮች ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሊሆን እንደሚችል፣ ተገቢ የሆነ የጊዜ ገደብም ሊቀመጥበት እንደሚችል ይናገራሉ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ አቤቱታ ብቻ አይደለም። ነገ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ «ማስጠንቀቂያ ሰጥተሃል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እሱ ነው።

«ደብዳቤ ብጽፍ ቤቱን ልቀቅ ቢሉኝስ?» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ፣ እኔንም ሦስት ወር ያቆየኝ እሱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ የውሉ ዘመንም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ውላችሁ ካልተመዘገበ ከደብዳቤው በፊት እሱን አስጨርሱ። የውሉ ቀን የት እንዳለ ሳያውቁ መጻፍ ይከብዳል።

ኪራይ ግን አታቁሙ። ይህን ብዙ ሰው ይመክራል፣ ክፉ ምክር ነው። ኪራይ ስታቆሙ ውሉን ያፈረሳችሁት እናንተ ትሆናላችሁ፣ የጣሪያው ነገርም ይረሳል። ራሳችሁ አሠርታችሁ ከኪራይ ለመቀነስ ካሰባችሁም አስቀድሞ የአከራዩን ስምምነት በጽሑፍ ያዙ፤ «እሺ አሠራውና ይቀነስልሃል» የሚል አጭር መልእክት እንኳ ይበቃል።

ደብዳቤው

ስሜታችሁን መጀመሪያ ሌላ ወረቀት ላይ አውጡት። የእኔ የመጀመሪያ ረቂቅ «በሰው ሕይወት እየቀለዱ» የሚል ቃል ነበረበት። ባለቤቴ አነበበችና «ይሄን ሲያነቡ ስለ ቧንቧው ሳይሆን ስለ ስድቡ ነው የሚያስቡት» አለችኝ። ሰረዝኩት። እርስዎ በሚለው አክብሮት ጻፉ። ኪራይ በወቅቱ እንደምትከፍሉም አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ይህ የላክሁት ነው፣ ስምና አድራሻው ብቻ ወጥቶ፦

ቀን፦ የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ፦ አቶ ………………
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በተደጋጋሚ ስለሚደርስ የውሃ ማፍሰስና ምላሽ ስላላገኘ የጥገና ጥያቄ

በ………… ክፍለ ከተማ ወረዳ ……፣ ሕንፃ ቁጥር ……፣ ቤት ቁጥር …… የሚገኘውን ቤትዎን በ………… ቀን በተፈረመ ውል ተከራይቼ እየኖርኩበት እገኛለሁ። ኪራዩንም በየወሩ በባንክ በወቅቱ እየከፈልኩ ነው።

ከመታጠቢያ ቤቱ ጎን ያለው የመተላለፊያ ጣሪያ ኅዳር 9፣ ታኅሣሥ 3፣ ጥር 12 እና የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ውሃ አፍስሷል። አራቱም ጊዜ ያፈሰሰው የመስመር ውሃ በመጣበት ሌሊት ሲሆን፣ ውሃው ሲሄድ ማፍሰሱም ቆሟል። የካቲት 6 ቀን በለካሁት መሠረት በሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ 2 ሊትር ይወርዳል። የቤቴን ቧንቧዎች በሙሉ ዘግቼ ቆጣሪውን ባየሁበት ጊዜ ምንም አልቆጠረም።

ስለዚህ ጉዳይ ኅዳር 10 ቀን በስልክ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን በቴሌግራም ከፎቶ ጋር፣ ታኅሣሥ 20 ቀን በስልክ፣ ጥር 12 ቀን በቴሌግራም ከቪዲዮ ጋር፣ የካቲት 6 ቀን ደግሞ በአጭር መልእክት አሳውቄዎታለሁ። በስልክ ሰው እንደሚልኩ ቢነግሩኝም እስከ ዛሬ ቤቱን ያየ ባለሙያ የለም።

በዚህ ምክንያት የጣሪያው ቀለም ተላልጧል፤ ወደ 1 ሜትር በሚጠጋ ስፋት ሻጋታ ይዟል፤ የቁም ሣጥኔ ታችኛው ክፍልም በውሃ አብጦ ተበላሽቷል።

ስለሆነም፦
እስከ የካቲት 13 ቀን የቧንቧ ባለሙያ ልከው ምክንያቱ እንዲታይ፣
ምክንያቱ ከላይኛው ቤት ወይም ከሕንፃው የጋራ መስመር ከሆነ የሚመለከተውን ባለቤት ወይም ማኅበሩን አነጋግረው ጥገናው እስከ የካቲት 25 ቀን እንዲጠናቀቅ፣
ጣሪያው ከደረቀ በኋላ ሻጋታው ተነሥቶ እንዲቀባ፣
ስለ ቁም ሣጥኑ ጉዳት ተነጋግረን እንድንስማማ እጠይቃለሁ።

ባለሙያው በማንኛውም ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሙሉ ቀን ቢመጣ በሩን እከፍታለሁ።

ይህ ደብዳቤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ሆኖ እንዲቆጠርልኝ እየጠየቅሁ፣ በተጠቀሱት ቀናት ምላሽ ካላገኘሁ መብቴን በሕግ ለመጠየቅ የምገደድ መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ)

አባሪ፦ 6 ፎቶዎች፣ የቆጣሪው 2 ፎቶዎች፣ የመልእክቶች ስክሪንሾት 4 ገጽ

ስለ ደብዳቤው ጥቂት ልበል። «የላይ ቤት ቧንቧ ተሰብሯል» አላልኩም። እኔ የቧንቧ ሠራተኛ አይደለሁም፣ ያየሁትን ብቻ ነው የጻፍኩት። ምክንያቱን እኔ ወስኜ ብሳሳት አከራዬ ስለ ስሕተቴ ይከራከሩኝ ነበር። ሁለት ቀን መቁረጤም ታስቦበት ነው። ለመጠገን የላይኛውን ቤት ወለል ማስከፈት ሊያስፈልግ ይችላል፣ ያ ጊዜ ይፈልጋል። መጥቶ ማየት ግን ሦስት ቀን በቂው ነው። «በአስቸኳይ» የሚለው ቃል ቀን የለውም፣ አልተጠቀምኩበትም።

አሰጣጡ

ሁለት ቅጂ አትሙ። አንዱን ስጡ፣ በሁለተኛው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ስም፣ ቀንና ፊርማ እንዲያኖሩላችሁ ጠይቁ። አልፈርምም ካሉ አትከራከሩ። ሁለት ሰው ባለበት ስጡና በቅጂያችሁ ላይ «ሊቀበሉ ፈቃደኛ ስላልሆኑ በእነ እገሌ ፊት ተሰጥቷል» ብላችሁ ምስክሮቹን አስፈርሙ። በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ መላክም ይቻላል፣ ደረሰኙን ያዙ። በየትኛውም መንገድ ብትሰጡ ፎቶውን በቴሌግራምም ላኩላቸው።

የእኔ አከራይ ወረቀቱን ቆመው አነበቡት። «ይሄን ያህል ጊዜ ነግረኸኛል እንዴ?» አሉኝ። ቀኖቹን በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሯቸው። ፈረሙ። የካቲት 12 ማታ የቧንቧ ሠራተኛ ይዘው መጡ።

ከዚያ በኋላ

ባለሙያው ሲመጣ አብራችሁ ቁሙ፣ ያለውንም ጻፉ። የእኛው ወደ ላይኛው ቤት ወጣና ከመታጠቢያው ሥር ያለውን ንጣፍ አንሥቶ አየ፤ የንጹሕ ውሃው ቧንቧ መገጣጠሚያ ላላ ብሎ ነበር። አከራዬ ከላይኛው ቤት ባለቤት ጋር ተነጋገሩ፣ የካቲት 21 ተቀየረ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቧንቧው በተጠገነ ማግስት ቀለም ቀቢ ይመጣል፣ እርጥቡ ጣሪያ ላይ ይቀባል፣ በሳምንቱ ይላላጣል፣ ከዚያ «እንደገና አፈሰሰ» ይባላል። ቀለሙን አዘግዩት። እኔ አራት የውሃ ሌሊት ጠበቅሁ። ከመተኛቴ በፊት ጣሪያው ሥር ደረቅ ጋዜጣ አነጥፋለሁ፣ ጠዋት አየዋለሁ። አራቱንም ጊዜ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ሻጋታው ተፋቀ፣ ከዚያ ተቀባ።

ጥገናው ያለቀ ዕለት አንድ መልእክት ላኩ፦ «ቧንቧው የካቲት 21 ተጠግኗል፣ አመሰግናለሁ። በሚቀጥሉት የውሃ ቀናት እየተከታተልኩ አሳውቅዎታለሁ።» ምስጋናው የልብ ነው። ቀኑ ደግሞ ድጋሚ ካፈሰሰ ታሪኩ ከየት እንደሚጀምር ያሳያል።

የሰጣችሁት ቀን አልፎ ዝም ከተባላችሁስ? ሁለተኛ ረጅም ደብዳቤ አትጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ጠቅሳችሁ በሦስት መስመር «ምላሽ አላገኘሁም» በሉ፣ በዚህኛው ሥር «ግልባጭ» ብላችሁ ውሉን የመዘገበውን የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጨምሩ። እዚያ ስትሄዱ ውሉን፣ የተፈረመበትን ቅጂና አባሪዎቹን በአንድ ፋይል ይዛችሁ ሂዱ። ፍርድ ቤት የመጨረሻው ነው። ከዚያ በፊት ሁለታችሁም የምታከብሩት ሽማግሌ ካለ ደብዳቤውን አሳዩት፤ ቀኖቹ ተጽፈው ስለሚያገኛቸው ማን ምን አለ የሚለውን በማጣራት ጊዜ አይፈጅም።

የቁም ሣጥኑ ነገር አልቆ የነበረው በደረሰኝ ነው። የገዛሁበት ወረቀት ስለነበረኝ ታችኛውን ክፍል ብቻ አናጢ እንዲቀይረው ተስማማን፣ የአናጢውን ዋጋ አከራዬ ከሚያዝያ ኪራይ ላይ ቀነሱልኝ። እሱንም በመልእክት አስጻፍኳቸው።